ሁለት የተያያዙ ታንኮች፦ ለየብቻ ለክቶ ማባዛት ለምን አይሠራም?

«ጋሼ፣ የ4ኛ ዓመት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ላብ ውስጥ ሁለት እኩል ታንኮች አሉ፤ ስፋታቸው 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከታች በአጭር ቱቦና በቫልቭ ተያይዘዋል። እያንዳንዱን ለብቻው ስለካ ታይም ኮንስታንቱ 60 ሰከንድ ወጣ። ሁለቱን ትራንስፈር ፈንክሽን አባዛሁና በ6 ደቂቃ ገደማ ይረጋጋል ብዬ ጠበቅኩ። አያይዤ በሰከንድ 100 ሲሲ ስለቅበት 1ኛው 30፣ 2ኛው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ከዚያ ፍሰቱን ወደ 105 ከፍ አደረግኩ። የ2ኛው ታንክ ከፍታ እስኪረጋጋ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ ፈጀ። ጓደኛዬ ‹ሊኒያራይዝ ስታደርግ ነው የተሳሳትከው› ይለኛል። እኔ ቫልቩ በከፊል የተደፈነ ይመስለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

ሁለታችሁም አይደላችሁም። ቫልቩ ደህና ነው። ሊኒያራይዝ ማድረጉም ቢሆን ይሄን ያህል ልዩነት አያመጣም። የተሳሳትከው ማባዛቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠራችኋቸውን ሁለት ነገሮች ከመንገድ እናንሳ። ቫልቩ በመሃል ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ከፍታዎቹ 30 እና 15 ላይ አይቆሙም ነበር። ለብቻ ስትለካው 100 ሲሲ ያሳለፈው በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ከሆነ፣ አሁንም 100 ሲሲ የሚያሳልፈው በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። መውጫው ላይ 15፣ በታንኮቹ መካከል ደግሞ 30 ሲቀነስ 15። ልክ ነው፣ ምንም የተደፈነ ነገር የለም። የጓደኛህን ነገር ደግሞ በቁጥር እንየው። በቫልቭ የሚያልፈው ፍሰት ከከፍታው ካሬ ሩት ጋር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ፍሰቱ በ5 ፐርሰንት ሲጨምር 15 የነበረው ከፍታ 16.54 ይደርሳል። በሊኒያር ሞዴሉ 16.5 ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳን የለም። ይሄ 6 ደቂቃን ወደ 10 ደቂቃ አይለውጥም።

ታዲያ ማባዛቱ ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ሁለት ትራንስፈር ፈንክሽን ስታባዛ ሳትጽፈው አንድ ነገር እየማልክ ነው። «ከኋላ ያለው ዕቃ ከፊት ያለውን አይነካውም» ብለህ። ላይኛው ታንክ ውሃውን በአየር ላይ ወደ ታችኛው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይሄ እውነት ነው። ታችኛው ቢሞላም ባዶ ቢሆንም ላይኛው ግድ አይሰጠውም። ያንተ ታንኮች ግን ጎን ለጎን ቆመው ከታች ነው የተያያዙት። 2ኛው ሲሞላ 1ኛውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ከታች በቱቦ የተገናኙ ሁለት ሮቶዎች ካሉ ነገሩን አይተኸዋል፤ አንዱ ብቻውን ሞልቶ ሌላው ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ ተያይዘው ነው የሚወጡትም የሚወርዱትም።

ስለዚህ ለየብቻ የለካሃቸው 60 ሰከንዶች ውሸት አይደሉም። ግን 1ኛው ታንክ በነፃ አየር ላይ ሲያፈስ የነበረው ጠባይ ነው የለካኸው። ካያያዝከው በኋላ ያ ታንክ የለም። ኤሌክትሪክ የሚገባህ ከሆነ፣ ሁለት የሬዚስተርና የካፓሲተር ደረጃ ያለ በፈር በቀጥታ ስታያይዝ የሚደርሰው ነው። ታንኩ ካፓሲተር፣ ቫልቩ ሬዚስተር፣ ከፍታው ቮልቴጅ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እናውጣው። ከማንኛውም ነገር በፊት ግን የቫልቩ መቋቋም ላይ አንድ ማስተካከያ አለኝ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። መቋቋሙ ከፍታ ሲካፈል ለፍሰት አይደለም። እኛ የምንፈልገው ፍሰቱ ትንሽ ሲቀየር ከፍታው ምን ያህል ይቀየራል የሚለውን ነው። ካሬ ሩት ስላለ ያ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፦

```
q = k·√h   →   R = dh/dq = 2h/q
R2 = 2·15/100 = 0.3
R1 = 2·(30−15)/100 = 0.3
```

ለ R1 የገባው የሁለቱ ከፍታ ልዩነት እንጂ 30 አለመሆኑን ልብ በል። መሃል ያለው ቫልቭ የሚያየው ግፊት ልዩነቱን ብቻ ነው። መቋቋሙን በስፋቱ ስታባዛው 200 ጊዜ 0.3፣ 60 ሰከንድ ይሰጥሃል። ልኬትህ ልክ ነበር ማለት ነው። እጥፉን ረስተህ ቢሆን 30 ይወጣልህና ከላቡ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ነበር።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ታንክ የሚገባው ሲቀነስ የሚወጣው ብለህ ትጽፋለህ። ሁሉም ነገር ከተረጋጋው ከፍታና ፍሰት የተለየው ትንሿ ለውጥ ናት፣ ሙሉው ቁጥር አይደለም፦

```
A1·dh1/dt = qi − q1        q1 = (h1 − h2)/R1
A2·dh2/dt = q1 − q2        q2 = h2/R2
```

ሙሉ ታሪኩ `(h1 − h2)` የምትለው ላይ ነው። ማባዛቱ የሚሠራበት ጉዳይ ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ `h1` ብቻ ነበር የሚኖረው። `h2` መጀመሪያው ታንክ ሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ 1ኛውን ታንክ ለብቻው መፍታት አይቻልም፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ነው የምትፈታው።

ላፕላስ ውሰድ። ከ2ኛው ታንክ ብትጀምር ይቀላል። ከ2ኛው ቀመር የመሃሉን ፍሰት በ `H2` ትገልጻለህ። ከዚያ `H1` ማለት `H2` ላይ በመሃሉ ቫልቭ የሚጠፋውን ከፍታ መደመር ነው። ያንን ወደ 1ኛው ቀመር መልሰህ ትከታለህ፦

```
Q1 = (τ2·s + 1)·H2/R2               τ2 = A2·R2
H1 = H2 + R1·Q1
Qi = A1·s·H1 + Q1
   = A1·s·H2 + (τ1·s + 1)·Q1        τ1 = A1·R1

H2/Qi = R2 / [ τ1τ2·s² + (τ1 + τ2 + A1·R2)·s + 1 ]
```

በቃ ይሄው ነው። አንተ ያባዛኸው ከታች `τ1τ2·s² + (τ1 + τ2)·s + 1` ነበር ያለው። ልዩነቱ አንዲት `A1·R2` ብቻ ናት። የ `s²` ኮፊሸንት አልተነካም። መጨረሻ ላይ ያለው 1ም አልተነካም፣ ስለዚህ የመጨረሻው ከፍታ በሁለቱም ሞዴል አንድ ነው። መሃሉ ብቻ ነው የከበደው።

ብዙ ማስታወሻ እዚህ ላይ ቆሞ «ኢንተራክሽን ተርም» ብሎ ስም አውጥቶላት ያልፋል። እኔም በተማሪነቴ በቃሌ ይዣት ፈተና ላይ ጽፌአታለሁ፣ ምን እንደሆነች ግን የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የአንዱ ታንክ ስፋት በሌላው ታንክ መቋቋም ይባዛል፣ ምን ማለት ነው? መልሱ ውሃውን በመቁጠር ይገኛል።

ያንተን ሙከራ ውሰድ። መግቢያው ባንዴ 105 ሆነ። መውጫው ግን ከ100 ተነስቶ ቀስ እያለ ነው 105 የሚደርሰው። በመሃል የገባውና ያልወጣው ውሃ የት ሄደ? ታንኮቹ ውስጥ ነዋ። ስንት ነው? 2ኛው ታንክ በመጨረሻ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ያ 300 ሲሲ ነው። 1ኛው ደግሞ በመሃሉ ቫልቭ ተጨማሪ 5 ሲሲ ለመግፋት ከ2ኛው በላይ በ1.5 መብለጥ አለበት፣ 2ኛው ራሱ ደግሞ 1.5 ከፍ ብሏል። ስለዚህ 1ኛው በ3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ 600 ሲሲ። ድምሩ 900 ሲሲ። ይሄን በተጨመረው 5 ሲሲ ስታካፍል 180 ሰከንድ ይመጣል።

አሁን ኮፊሸንቷን አስላት፦ 60 ሲደመር 60 ሲደመር `A1·R2`፣ እሱም 60። 180። ይሄ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የ `s` ኮፊሸንት ማለት በመግቢያው ላይ አንድ ተጨማሪ ሲሲ በሰከንድ ሲመጣ ታንኮቹ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ የሚይዙት ውሃ ነው። ታንኮቹ ባይነካኩ 1ኛው የሚወጣው 1.5 ብቻ ነበር፤ ድምሩ 600 ሲሲ፣ ማለትም 120 ሰከንድ። `A1·R2` እንግዲህ 1ኛው ታንክ የ2ኛውን መውጣት ተከትሎ ያለፍላጎቱ የሚሸከመው ውሃ ናት። 2ኛው በ `R2` ልክ ከፍ ሲል 1ኛው በዚያው ልክ አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ ያ ከፍታ በስፋቱ `A1` ይባዛል። ተጨማሪ የሚሞላ ውሃ አለ፣ የመግቢያው ፍሰት ግን ያው ነው፣ ታዲያ እንዴት አይዘገይ?

ታንኮቹ ከረጋ ሁኔታ ስለተነሱ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ደግሞ ምንም ልዩነት የለም። ይሄንንም አስበው። 5 ሲሲው እንደመጣ 1ኛው ታንክ በሰከንድ 0.025 ሴንቲ ሜትር መውጣት ይጀምራል። 2ኛው ገና አልተነቃነቀም። ካልተነቃነቀ ደግሞ ወደ ኋላ የሚገፋው ነገር የለም፣ ስለዚህ 1ኛው የሚያየው በነፃ አየር ላይ ሲያፈስ ያየውን ነው። የ `s²` ኮፊሸንት የምትቆጣጠረው ይሄን አጀማመር ነው፤ ያልተቀየረችውም ለዚህ ነው። መነካካቱ የሚሰማው 2ኛው ትንሽ ከወጣ በኋላ ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አድርግ። ፖሎቹን በሁለት ታይም ኮንስታንት ካሰብካቸው፣ ብዜታቸው የ `s²` ኮፊሸንት ናት፣ ድምራቸው የ `s` ኮፊሸንት። ብዜታቸው እንዳለ 3600 ቆሞ ድምራቸው ከ120 ወደ 180 አደገ። ብዜታቸው ሳይቀየር ድምራቸው የሚያድግ ሁለት ቁጥሮች ምን ያደርጋሉ? ይራራቃሉ። ሌላ ምርጫ የላቸውም። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ኢንተራክሽን ፖሎቹን የሚያንቀሳቅስበት ምክንያት ይሄ ነው፣ ከዚህ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

ማትላብ ወይም ኦክቴቭ ካለህ በሁለት መስመር አረጋግጠው፦

```
roots([3600 120 1])    % −0.0167, −0.0167
roots([3600 180 1])    % −0.0436, −0.0064
```

በነፃ የሚያፈሱት ታንኮች ሁለቱም ፖሎቻቸው አንድ ቦታ ላይ ነበሩ፣ 60 እና 60 ሰከንድ። ስታያይዛቸው 157 እና 23 ሰከንድ ሆኑ። ለሁለት እኩል ታንክ በእኩል መቋቋም ይሄ ሬሾ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ረጅሙ የነጠላውን 2.618 እጥፍ፣ አጭሩ 0.382 እጥፍ ነው።

የሁለቱ ፖሎች ሥራም ይለያያል። 157 ሰከንዱ ሁለቱ ታንኮች አብረው በአንድ አቅጣጫ የሚወጡበት ወይም የሚወርዱበት እንቅስቃሴ ነው። አብረው ሲንቀሳቀሱ ውሃው የሚወጣው በአንዱ መውጫ ብቻ ስለሆነ ይዘገያል። 23 ሰከንዱ ደግሞ አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣበት፣ ውሃ በመሃሉ ቱቦ ተለዋውጠው ልዩነታቸውን የሚያስተካክሉበት ነው። እሱ ቶሎ ያልቃል። «ኢንተራክሽን ሲስተሙን ያዘገየዋል» የሚለው አባባል ግማሹ ነው እውነቱ፤ አንዱን ያዘገያል፣ አንዱን ያፈጥናል። ዓይን የሚያየው ግን የዘገየውን ነው።

በላብህ ሰዓት እንተርጉመው። በ20ኛው ሰከንድ ያባዛኸው ሞዴል 2ኛው ታንክ የመጨረሻ ለውጡን 4.5 ፐርሰንት ሄዷል ይላል፤ ትክክለኛው 4 ፐርሰንት ይላል። አይለይም። በ2ኛው ደቂቃ 59 እና 46። በ5ኛው ደቂቃ 96 እና 83። ለውጡ 98 ፐርሰንት የሚደርሰው ደግሞ ባንተ ሒሳብ 350 ሰከንድ፣ በትክክለኛው 640 ሰከንድ ገደማ ነው። ወደ 10 ደቂቃ ተኩል፣ አይደል? ያየኸው ይሄንን ነው። ላቡ ልክ ነበር።

አንድ ሌላ የተለመደ አስተሳሰብ አለ፣ አንተ ባትጠይቀውም ቫይቫ ላይ ይመጣብሃል። «2ኛው 1ኛውን ወደ ኋላ የሚነካው ከሆነ ፊድባክ አለ፣ ስለዚህ ሊወዛወዝ ይችላል» የሚል። አይወዛወዝም። የፖሎቹን ዲስክሪሚናንት ዘርዝረህ ጻፈው፦

```
(τ1 − τ2)² + 2·(τ1 + τ2)·A1·R2 + (A1·R2)²  >  0
```

ሁሉም ተደማሪ ከዜሮ አያንስም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከዜሮ ይበልጣሉ። ፖሎቹ ምንም ዓይነት ቫልቭ ብታደርግ ሪል ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንኳን ሊገናኙ አይችሉም። ከፍታው ሲወዛወዝ ካየህ ፓምፑን፣ ኮንትሮለሩን ወይም መለኪያውን ጠርጥር፣ ታንኮቹን ተዋቸው።

መቼ ነው ታዲያ ማባዛቱ ብዙ ስህተት የማያመጣው? `A1·R2` ከሁለቱ ታይም ኮንስታንት ድምር አንጻር ኢምንት ስትሆን። ያ የሚሆነው 1ኛው ታንክ ከ2ኛው በጣም ሲጠብ፣ ወይም የመሃሉ ቫልቭ ከመውጫው በጣም ሲጠብ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ሰው ይሄን ይዘነጋል። መቋቋሞቹ 0.3 እንደሆኑ አንዱን ታንክ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር አድርገው እንበል። ትንሹ ከፊት ከሆነ፣ ነጠላዎቹ 6 እና 60 ሰከንድ ናቸው፤ ሲያያዙ 5.4 እና 66.6 ይሆናሉ። ብዙም አይደል። ትንሹ ከኋላ ከሆነ ግን፣ ነጠላዎቹ ያው 60 እና 6 ሆነው፣ ሲያያዙ 123 እና 3 ይሆናሉ። እጥፍ! ትንሿ ታንክ በጣም ትንሽ ውሃ ነው የምትይዘው፣ ግን ትልቁ ታንክ አሁን ሁለቱንም ቫልቭ አልፎ ነው የሚያፈስሰው። አባዝተኸው ቢሆን የቱም ከፊት ቢሆን መልሱ አንድ ነበር።

የመሃሉን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ከፍተኸው መቋቋሙ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ሁለቱ ታንኮች አንድ ሰፊ ታንክ ይሆናሉ። ቀመሩ ላይ `R1` ን ዜሮ አድርገህ ብታየው `(A1 + A2)·R2` የሚል አንድ ታይም ኮንስታንት ብቻ ይቀርሃል፣ ያንተው ላይ 120 ሰከንድ። ያባዛኸው ሞዴል እዚህ ጋ 60 ነው የሚልህ፣ 1ኛው ታንክ እንደሌለ ቆጥሮ። ቀመር ስታወጣ እንዲህ ጫፍ ላይ ወስደህ መፈተን ልመድ፤ ስህተትን እንደዚህ ቶሎ የሚያወጣ ነገር አላውቅም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። አንደኛው፣ 157 እና 23 የታንኮቹ ቋሚ መታወቂያ አይደሉም። በ100 ሲሲ ላይ ያላቸው ጠባይ ነው። ፍሰቱን 50 ብታደርገው የተረጋጋው ከፍታ ወደ 7.5 እና 3.75 ይወርዳል፣ መቋቋሙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሁለቱም ታይም ኮንስታንት በግማሽ። ከ100 ወደ 150 ባንዴ ብትዘል ደግሞ የጓደኛህ ክስ እውነት ይሆናል፤ ሊኒያሩ 2ኛው ታንክ 22.5 ላይ ይቆማል ይልሃል፣ ውሃው ግን 33.75 ይደርሳል፣ 1ኛው ታንክ ደግሞ ወደ 67 ይሄዳል፣ ምናልባት ፈስሶ ወለሉን እየጠረግክ ታገኘዋለህ። ስቴፕህ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ይሁን።

ሁለተኛው፣ «የማይነካኩ» የተባሉ ታንኮችን አትመን፣ እይ። ቱቦው ወደ 2ኛው ታንክ ከላይ ቢገባም የ2ኛው ውሃ ወጥቶ የቱቦውን አፍ ከሸፈነ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ይቀየራል። ሙከራው በአንድ ሞዴል ተጀምሮ በሌላ ያልቃል፣ ግራፉ መሃል ላይ ይሰበራል፣ አንተ ደግሞ መለኪያውን ትጠረጥራለህ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር ሁለት ቀን አስፈልጎኝ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የገባኝ ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ነው።

ያለህን ዳታ አትጣለው፣ ሁለቱንም ፖል ታወጣበታለህ። 2ኛው ታንክ ወደ መጨረሻ ከፍታው ለመድረስ የቀረውን በጠቅላላ ለውጡ አካፍል፣ በሎጋሪዝም ስኬል ላይ ከጊዜ ጋር ሳለው። ከ2 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛለህ፣ ስሎፑ 157 ሰከንዱን ይሰጥሃል። መስመሩን ወደ ኋላ እስከ ዜሮ ሰዓት ብታስረዝመው 1 ላይ አይቆርጥም፣ 1.17 አካባቢ ነው የሚቆርጠው። ያ ቁጥር ረጅሙ ታይም ኮንስታንት ሲካፈል ለሁለቱ ልዩነት ነው፣ ከእሱ 23ቱን ትፈታለህ። አጭሩ ግን ለስህተት በጣም ስስ ነው። የመጨረሻው ከፍታ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ጠቅላላ ለውጥህ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የመስመሩ ጫፍ ይታጠፋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በፊት «መጨረሻ» ብለህ አትጻፍ። 23 ፈንታ 18 ወይም 28 ቢወጣህ አትደንግጥ፣ 157ቱ ግን ከ10 ፐርሰንት በላይ ከራቀ የቫልቮቹን መቋቋም እንደገና ለካ።

ምክሬ አጭር ነው። ከታች የተያያዙ ታንኮች ላይ ትራንስፈር ፈንክሽን አታባዛ፣ በጭራሽ። ለእያንዳንዱ ታንክ የሚገባውን ሲቀነስ የሚወጣውን ጻፍ፣ የመሃሉ ፍሰት ላይ የሁለቱን ከፍታ ልዩነት አስገባ፣ አንድ ላይ ፍታ። በመካከላቸው አየር ካየህ ብቻ ታባዛለህ። ሪፖርትህ ላይ ደግሞ የተባዛውንም ትክክለኛውንም ከርቭ ከዳታህ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አውጣቸው፣ የ900 ሲሲውን ቆጠራ ከሥር ጻፍ። የመጀመሪያው ሙከራህ ላይ «ቫልቩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል» ብለህ የጻፍካት አረፍተ ነገር ካለች ከማስረከብህ በፊት ሰርዛት።